የአክሲዮን ዋጋ ሲጨምር የሒሳብ መዝገብ ምን ይላል?

በሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ የተመዘገበ አክሲዮን የገዛ ኩባንያ ከሁለት ምንጮች ሊጠቀም ይችላል፤ አንዱ የትርፍ ድርሻ፣ ሌላው የአክሲዮኑ ዋጋ ጭማሪ ነው። የትርፍ ድርሻው በጥሬ ገንዘብ ይከፈላል። የዋጋ ጭማሪው ግን አክሲዮኑ እስኪሸጥ ድረስ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ፣ በእጅ ያልገባ ትርፍ ነው። በዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ ደረጃ ቁጥር 9 መሠረት እንዲህ ያለው አክሲዮን በተገዛበት ዋጋ ሳይሆን በሪፖርቱ ቀን ባለው ፍትሐዊ ዋጋ ስለሚመዘገብ፣ በእጅ ያልገባው ትርፍም መዝገብ ውስጥ ይገባል።

የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. በይፋ ከተከፈተና ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ከሆነ ወዲህ ጉዳዩ የአገር ውስጥ ሒሳብ ሠራተኞችም ሥራ ሆኗል። አሠራሩን በምሳሌ ማየት ይቻላል፤ ቁጥሮቹ ለማሳያ ብቻ የተወሰዱ ሲሆን ግብር አልተካተተባቸውም።

አንድ የንግድ ኩባንያ በጥቅምት ወር የአንድ ባንክ 5,000 አክሲዮኖችን እያንዳንዳቸውን በ1,200 ብር ገዛ እንበል። ለአገናኙ ድርጅት ደግሞ 30,000 ብር ኮሚሽን ከፈለ። የዋጋው ለውጥ በትርፍና ኪሳራ መግለጫ በኩል እንዲያልፍ ከተመረጠ፣ ኮሚሽኑ የአክሲዮኑ ዋጋ አካል አይሆንም፤ የወሩ ወጪ ነው።

ዴቢት፦ የአክሲዮን ኢንቨስትመንት 6,000,000
ዴቢት፦ የኮሚሽን ወጪ 30,000
ክሬዲት፦ ባንክ 6,030,000

በኅዳር ወር አክሲዮኑን ያወጣው ባንክ ጠቅላላ ጉባኤ ለአንድ አክሲዮን 90 ብር የትርፍ ድርሻ እንዲከፈል ወሰነ። ገቢው የሚመዘገበው ገንዘቡ ሲደርስ ሳይሆን የመቀበል መብቱ ሲረጋገጥ ነው።

ዴቢት፦ ተሰብሳቢ የትርፍ ድርሻ 450,000
ክሬዲት፦ የትርፍ ድርሻ ገቢ 450,000

ክፍያው በታኅሣሥ ሲገባ ባንክ ዴቢት፣ ተሰብሳቢው ክሬዲት ይሆናል፤ አዲስ ገቢ አይመዘገብም።

የሒሳብ ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ የአክሲዮኑ የገበያ ዋጋ 1,310 ብር ከሆነ፣ የኢንቨስትመንቱ ዋጋ 6,550,000 ብር ይሆናል። ልዩነቱ እንዲህ ይመዘገባል፦

ዴቢት፦ የአክሲዮን ኢንቨስትመንት 550,000
ክሬዲት፦ በእጅ ያልገባ የዋጋ ጭማሪ ትርፍ 550,000

ብዙ ጊዜ ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። የትርፍ ድርሻው ሲገባ ገቢ መሆኑ ቀርቶ ከኢንቨስትመንቱ ሒሳብ ቢቀነስ፣ መዝገቡ 5,550,000 ብር ያሳያል። ሰኔ 30 ወደ 6,550,000 ብር ሲስተካከል የዋጋ ጭማሪው 1,000,000 ብር መስሎ ይታያል። የዓመቱ ጠቅላላ ትርፍ አይለወጥም፤ ስህተቱ በቀላሉ የማይታየውም ለዚህ ነው። ነገር ግን በጥሬ ገንዘብ የተገኘው 450,000 ብር ገና በወረቀት ላይ ካለው ትርፍ ጋር ተቀላቅሏል። የትርፍ ድርሻ ሊያከፋፍሉ የሚያስቡ ባለአክሲዮኖች ደግሞ የሚፈልጉት ይህን ልዩነት ነው።

ለንግድ ያልተያዘ አክሲዮን ሲሆን፣ ኩባንያው በመጀመሪያው ምዝገባ ቀን ሌላ ምርጫ አለው፤ ምርጫው በኋላ አይሻርም። የዋጋው ለውጥ በሌሎች አጠቃላይ ገቢዎች በኩል ወደ ካፒታል ክፍል ይሄዳል። ኮሚሽኑ በዋጋው ላይ ስለሚደመር መነሻው 6,030,000 ብር፣ የሰኔ 30 ጭማሪውም 520,000 ብር ይሆናል። የትርፍ ድርሻው ግን እንደ በፊቱ በትርፍና ኪሳራ ውስጥ ይቀራል። አክሲዮኑ ሲሸጥም የተጠራቀመው ጭማሪ ወደ ትርፍና ኪሳራ አይመለስም፤ በካፒታል ውስጥ ወደ ያልተከፋፈለ ትርፍ ሊዛወር ይችላል።

በመጀመሪያው ምርጫ የተያዘው አክሲዮን በመስከረም በ1,280 ብር ቢሸጥ፣ ኩባንያው 6,400,000 ብር ይቀበላል። ከመግዣው ዋጋ 400,000 ብር አትርፏል፤ የአዲሱ ዓመት መዝገብ ግን የ150,000 ብር ኪሳራ ያሳያል። ባለፈው ዓመት 550,000 ብር ስለተመዘገበ፣ የሁለቱ ዓመታት ድምር 400,000 ብር ይመጣል። ሙሉውን 400,000 ብር በአዲሱ ዓመት መመዝገብ አንዱን ትርፍ ሁለት ጊዜ መቁጠር ነው።

ሒሳቡን ለማመሳከር የዓመቱ መነሻ ዋጋ፣ ግዢና የዋጋ ለውጥ ተደምረው፣ የተሸጠው ሲቀነስ፣ ውጤቱ የአክሲዮኑ ብዛት በዓመቱ መጨረሻ ዋጋ ሲባዛ ከሚገኘው ጋር እኩል መሆን አለበት። እኩል ካልሆነ በመጀመሪያ የትርፍ ድርሻው ምዝገባ ይመርመር። የዋጋው ምንጭም መጣራት አለበት። ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ ደረጃ ቁጥር 13 ቀጥተኛውን የገበያ ዋጋ የሚቀበለው ግብይቱ ንቁ ሲሆን ነው። አክሲዮኑ ለሳምንታት ካልተገበያየ፣ የመጨረሻው ዋጋ ብቻውን የሰኔ 30ን ፍትሐዊ ዋጋ ላያሳይ ስለሚችል በሌላ መረጃ መስተካከል ይኖርበታል።