የንጥጥር ፈተና፦ «ከ1 ያንሳል» ማለት ብቻውን ለምን አይበቃም?

ማለቂያ የሌለው ድምር በምናስተምርበት ጊዜ ደጋግመን የምናገኘው አንድ ስሕተት አለ። ተማሪው 1 + 1/2 + 1/3 + 1/4 + … የሚለውን ድምር ይወስድና እያንዳንዱን አባል በፊቱ ላለው አባል ያካፍላል። 1/2፣ 2/3፣ 3/4፣ 4/5 ያገኛል። ሁሉም ከ1 ያንሳሉና «ድምሩ ተሰብሳቢ ነው» ብሎ ይጽፋል። በማካፈሉ ላይ ምንም ስሕተት የለም፤ መደምደሚያው ግን ሐሰት ነው። ይህ ለምን እንደ ሆነ ለማስረዳት ፈተናው ከምን እንደሚነሣ መመልከት ያስፈልገናል።

አስቀድመን በቃላቱ እንስማማ። አባላቱን አንድ በአንድ እየደመርን ስንሄድ የምናገኘው ውጤት ወደ አንድ የተወሰነ ቁጥር እየተጠጋ የሚሄድ ከሆነ ድምሩን ተሰብሳቢ፣ ካልሆነ ተበታኝ እንለዋለን። ተማሪዎች ከዚህ ዓይነት ድምር አስቀድመው የሚያውቁት ጂኦሜትሪያዊውን ነው። በዚያ ውስጥ እያንዳንዱ አባል የሚገኘው የፊተኛውን በአንድ በማይለወጥ ቁጥር r በማባዛት ነው። አባላቱ አዎንታዊ ሲሆኑ፣ r ከ1 ካነሰ ድምሩ ተሰብሳቢ ነው፤ ልኩም የመጀመሪያው አባል ለ1 − r ሲካፈል የሚገኘው ነው።

ፈረንሳዊው ዳላምቤር በ1768 ያወጣው የንጥጥር ፈተና የተመሠረተው በዚሁ ላይ ነው። አባላቱ ሁሉ አዎንታዊ ናቸው እንበል። የአንዱን አባል ንጥጥር ከፊተኛው ጋር እየወሰድን ስንሄድ ንጥጥሩ ወደ አንድ ቁጥር L ይጠጋል እንበል። L ከ1 ካነሰ በL እና በ1 መካከል ባዶ ቦታ ስላለ፣ እዚያ ውስጥ አንድ ቁጥር r መምረጥ እንችላለን። ከተወሰነ አባል በኋላ ንጥጥሮቹ ሁሉ ከr በታች ይሆናሉ። ስለዚህ ጅራቱ ከአንድ ጂኦሜትሪያዊ ድምር አይበልጥም፤ ድምሩም ተሰብሳቢ ይሆናል። L ከ1 ከበለጠ ግን አባላቱ ውለው አድረው እያደጉ ስለሚሄዱ ድምሩ ተበታኝ ነው።

በምሳሌ እንየው። 1/2 + 2/4 + 3/8 + 4/16 + … የሚለው ድምር n-ኛ አባሉ n/2ⁿ ነው። ተከታዩ አባል (n+1)/2ⁿ⁺¹ ስለሆነ ንጥጥራቸው

(n+1)/2ⁿ⁺¹ ÷ n/2ⁿ = (n+1)/(2n)

ይሆናል። n እያደገ ሲሄድ ይህ ወደ 1/2 ይጠጋል፤ ስለዚህ ድምሩ ተሰብሳቢ ነው። ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው የመጀመሪያው ንጥጥር ልክ 1 መሆኑ ነው። ይህ ምንም አይጎዳም፤ ፈተናው የሚመለከተው ጅራቱን እንጂ መነሻውን አይደለምና።

ይኸው ዘዴ ስንት አባል ብንደምር እንደሚበቃ ጭምር ይነግረናል። የመጀመሪያዎቹ አሥር አባላት ድምር 1.9883 ያህል ነው። አሥራ አንደኛው አባል 11/2048 ሲሆን ከእሱ በኋላ ያሉት ንጥጥሮች ከ12/22፣ ማለትም ከ6/11 አይበልጡም። ስለዚህ ቀሪው ሁሉ ተደምሮ ከ11/2048 ÷ 5/11፣ ማለትም ከ0.0119 በታች ነው። እውነተኛው ድምር 2 ስለሆነ የቀረው 0.0117 ያህል ነው፤ ግምታችን እጅግ ተቃርቧል ማለት ነው።

አሁን ወደ ተማሪው ስሕተት እንመለስ። የእሱ ንጥጥር n/(n+1) ነው። ሁልጊዜ ከ1 ያንሳል፤ ነገር ግን የሚጠጋው ወደ ራሱ ወደ 1 ነው። ስለዚህ r የምናስቀምጥበት ቦታ አይገኝም፤ ከ1 በታች የትኛውንም r ብንመርጥ ንጥጥሩ ውሎ አድሮ ያልፈዋል። ድምሩም በእርግጥ ተበታኝ ነው። 1/3 + 1/4 ከ1/2 ይበልጣል፤ ከ1/5 እስከ 1/8 ያሉት አራቱም ተደምረው ከ1/2 ይበልጣሉ፤ ቀጥሎ ያሉት ስምንቱም እንዲሁ። ግማሽ በግማሽ ላይ ያለ ማቋረጥ ስለሚጨመር ድምሩ ወሰን የለውም።

ታዲያ L = 1 ሲሆን ድምሩ ሁልጊዜ ተበታኝ ነው ማለት ነውን? አይደለም። 1 + 1/4 + 1/9 + 1/16 + … የሚለውን እንውሰድ። ንጥጥሩ n²/(n+1)² ሲሆን እሱም ወደ 1 ይጠጋል። ነገር ግን ከሁለተኛው ጀምሮ እያንዳንዱ አባል 1/n² ከ1/(n−1) − 1/n ያንሳል። እነዚህ ልዩነቶች ሲደመሩ መካከለኞቹ እርስ በርሳቸው ስለሚጣፉ ጠቅላላው ድምር ከ2 አያልፍም፤ ስለዚህ ተሰብሳቢ ነው። L = 1 በሆነ ጊዜ ፈተናው ዝም ይላል፤ ሌላ መንገድ መፈለግ ግድ ነው።

ስለዚህ እነዚህን ሦስት ድምሮች ጎን ለጎን በሰሌዳ ላይ ብንጽፋቸው ጥሩ ነው። ተማሪውንም «ንጥጥሩ ከ1 ያንሳልን?» ብለን ሳይሆን «ንጥጥሩ ወደ የት ይጠጋል?» ብለን እንጠይቀው።