ስለ ኬላ ገመድ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃን አልፎ ወደ ጣርማ በር የሚያቀና መንገደኛ፣ ወይም ከደብረ ብርሃን ወደ ቀኝ ታጥፎ 40 ኪሎ ሜትር ያህል በጉም ውስጥ ወደ አንኮበር የሚጓዝ ነጋዴ፣ በመንገዱ ላይ ከሚገጥመው ነገር ሁሉ አብዝቶ የሚያማርረው ኬላውን ነው። እኔ ግን ኬላን እወዳለሁ ብል አንባቢ እንዳይስቅብኝ እለምናለሁ። ዜጋ ያለ ማመልከቻና ያለ ቀጠሮ፣ በክንድ ርቀት ቆሞ ከመንግሥት ሥልጣን ጋር የሚነጋገርበት ስፍራ ከዚህ ሌላ ብዙ የለም። በዚያች አጭር ንግግር ውስጥ ስንት ሕግ ተጨምቆ እንዳለ የሚያስተውል ሰው ግን ጥቂት ነው።

በሸዋ የኬላ ሥርዓት የትናንት ነገር አይደለም። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አንኮበርን መናገሻ አድርገው በገዙበት ዘመን፣ ከአፋር ቆላ ወደ ደጋው የሚወጣው የሲራራ ነጋዴ በፋሬና በአልዩ አምባ በኩል ያልፍ ነበር። በዚያም የንጉሡ ሹማምንት ሰውንም ጭነትንም ሳያዩ አያሳልፉም ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1841 ካፒቴን ሐሪስ የመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ጓድ ከታጁራ ጠረፍ ተነሥቶ ያንን በረሃ አቋርጦ ሲደርስ፣ ደብዳቤና ገጸ በረከት ይዞ እንኳ፣ የንጉሡ ፈቃድ እስኪመጣ ድረስ ወደ አንኮበር መውጣት አልተቻለውም። በዚያ ዘመን ማቆሙም፣ መጠየቁም፣ ጭነት ማስፈታቱም፣ ቀረጥ መቀበሉም አንድ ያልተከፋፈለ ሥልጣን ነበር። ሹሙ የንጉሡ እጅ ነውና እጁ እስከ የት ይደርሳል ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም።

ዛሬ ያ አንዱ ሥልጣን ተከፋፍሏል። ሕዝቡ ግን መከፋፈሉን ገና አላመነም፤ የዚህ ጽሑፍ ምክንያትም ይኸው ነው። ገመዱ በተዘረጋበት ስፍራ ትራፊክ ፖሊስ፣ የጸጥታ ፖሊስ፣ የትራንስፖርት ተቆጣጣሪና አንዳንዴም የጉምሩክ ሰው አብረው ሊቆሙ ይችላሉ። አሽከርካሪው ሁሉንም በጅምላ «ትራፊክ» ብሎ ይጠራና፣ ወይ ለሁሉም ሁሉን ይሰጣል፣ ወይም ደግሞ በሁሉም ላይ ይቆጣል። ዳሩ ግን መቆም አንድ ነገር ነው፤ ወረቀት ማሳየት ሁለተኛ ነገር ነው፤ መፈተሽ ግን ከሁለቱም የተለየ ሦስተኛ ነገር ነው፤ ለእያንዳንዱም ሕጉ የሰጠው ልክ ለየብቻ ነው።

ስለ መቆም ክርክር የለም። ምልክት ሲሰጥ ይቆማል። ቀኝ ጠርዝ ይዞ፣ መብራት አብርቶ፣ በተለይም በአንኮበር መንገድ ጉሙ በወረደ ጊዜ ከኋላ የሚመጣው እንዲያይ አስቦ ይቆማል። ኬላ ሲቃረብ ከፊት ለሚመጣው መብራት ብልጭ እያደረጉ «ትራፊክ አለ» ማለት በአሽከርካሪዎቻችን ዘንድ እንደ ጽድቅ ተቆጥሯል። ነገር ግን በዚያ ብልጭታ የዳነው ፍሬን የሌለው አይሱዙ ጣርማ በርን ሲወርድ ከፊቱ ማን እንደሚያገኝ ብልጭ ያደረገው ሰው አያውቅም።

ወረቀቶቹንም ሁሉም ያውቃቸዋል፤ እነሱም መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬ፣ የዓመቱን ምርመራ ማለፉን የሚመሰክረው ቦሎ፣ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት የሦስተኛ ወገን መድን፣ ለሕዝብ ማመላለሻም ከመናኸሪያ የተሰጠ መውጫ ናቸው። መንጃ ፈቃድ መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ ምድቡም ከሚነዳው ተሽከርካሪ ጋር መስማማት አለበት። የአውቶሞቢል ፈቃድ ይዞ ተሳፋሪ የጫነ ሚኒባስ የሚነዳ ሰው ለሥራው ፈቃድ እንደሌለው ይቆጠራል። ከእነዚህ ወረቀቶች ሁሉ ሰውን በብዛት ሲያስት ያየሁት ግን የመድኑ ቀን ነው። የመድን ድርጅቶች ውላቸውን ብዙ ጊዜ በአውሮፓ ቀን ስለሚጽፉ፣ አሽከርካሪው ሜይ 10 ቀን 2025 የሚለውን አይቶ፣ ሜይ ማለት ግንቦት ነው በማለት እስከ ግንቦት 10 ድረስ ተማምኖ ይሄዳል፤ እውነተኛው ቀን ግን ግንቦት 2 ቀን 2017 ነውና ስምንቱን ቀን ያለ መድን ነድቷል። በእነዚያ ቀናት ሰው ቢገጭ ጉዳቱን የሚሸፍንለት ድርጅት የለም። ስለዚህ ውሉን በተቀበሉበት ዕለት የሚያልቅበትን ቀን በራሳችን ዘመን አቆጣጠር ጽፎ ከመሪው አጠገብ መለጠፍ ነው።

አሁን ወደ ሦስተኛው ልግባ። ባንድ የገበያ ቀን ከጎረቤላ ወደ ደብረ ብርሃን በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሳለሁ፣ ስሟን የማልጠራት ኬላ ስንደርስ ረዳቱ እንደ ልማዱ «ጎንበስ በሉ!» አለ፤ ከመቀመጫው ቁጥር በላይ የተጫኑት ሦስት ሰዎችም በገብስ ጆንያ መካከል አጎነበሱ። ትራፊኩ የሾፌሩን ወረቀት አየ። ከእርሱ ጋር የቆመው ሌላ ፖሊስ ደግሞ ሁላችንንም አስወርዶ ወንዶቹን ኪስ ኪሳቸውን ዳሰሰ። ከዚያ በእድሜ የገፉ አንዲት እናት ዘንድ ደርሶ፣ በነጠላቸው ሥር ያበጠ ነገር አይቶ ኖሮ፣ «እማማ፣ እሱን አሳዩኝ» ብሎ እጁን ሊዘረጋ ሲል፣ ሴትዮዋ ሳይቆጡ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብለው «ልጄ፣ ሴት ካለቻችሁ እሷ ትየኝ» አሉ። ሰውዬው እጁን ሰበሰበ። ሴት ፖሊስ እስክትመጣ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየን፤ በነጠላው ሥር የነበረውም በመቀነት የታሰረ የገበያ ገንዘብ ሆኖ ተገኘ።

በዚያ ግማሽ ሰዓት ውስጥ ተሳፋሪው «ምን አለበት ብትታይ፣ አረፈድን!» እያለ በሴትዮዋ ላይ አጉረመረመ። ያላወቀው ነገር፣ ከመካከላችን ሕጉን በትክክል የተናገሩት እርሳቸው ብቻ መሆናቸውን ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በ32ኛው አንቀጹ የተያዘ ሰው እንኳ ቢሆን፣ ለተጠረጠረበት ወንጀል ማስረጃ የሚሆን ነገር በላዩ ላይ አለ ተብሎ በሚገባ ካልተጠረጠረ በቀር አካሉ እንዳይፈተሽ፣ ሲፈተሽም ፈታሹ ከተፈታሹ ጋር አንድ ጾታ እንዲሆን ያዝዛል። ይህ ጥበቃ የተጻፈው ለተያዘ ሰው መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። እነዚያ እናት አልተያዙም፤ የተጠረጠሩበት ወንጀልም አልተነገራቸውም፤ እንግዲህ ለተጠርጣሪው የተሰጠ ክብር ላልተጠረጠረው ይቀራል የሚል ማን ነው? ሕገ መንግሥቱም በ26ኛው አንቀጽ ማንኛውም ሰው አካሉና ንብረቱ በዘፈቀደ ከመፈተሽ፣ የግል ጽሑፉና በስልክ የሚያደርገው ግንኙነትም ከመደፈር የተጠበቀ መሆኑን ይናገራል። ስለዚህ «ስልክህን ክፈትና ፎቶውን አሳየኝ» የሚለው ትእዛዝ ከመንጃ ፈቃድ ጥያቄ ጋር በአንድ ትንፋሽ ቢነገርም፣ በሕግ ሚዛን ግን ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው።

ስለ መኪናው ኮፈንና ስለ ጭነቱ ነገሩ ይጠብባል። የጉምሩክ ሰው በአዋጅ ቁጥር 859/2006 ስለ ኮንትሮባንድ የራሱ ሰፊ ሥልጣን አለው። የትራፊክ ፖሊሱም ስለ ጭነት ልክና ስለ ተሳፋሪ ቁጥር ማየት ሥራው ነው። ሌላው ፖሊስ ግን የሚፈልገው ነገር ሊኖረው ይገባል። ሾፌሩም «ጌታዬ፣ የምትፈልጉት ምን ይሆን?» ብሎ በትሕትና ቢጠይቅ ድፍረት አይደለም። ሳይጠየቅ ሁሉን ከፍቶ የሰጠ ሰው ኋላ ያለ ፈቃዴ ተፈተሽኩ ለማለት ይቸግረዋል። መከፈቱ ካልቀረም ራሱ ከፍቶ አጠገቡ ቆሞ ማየት፣ የሚወሰድ ዕቃ ካለም በዝርዝር እንዲጻፍለት መጠየቅ ይገባዋል።

ይህ ሁሉ የሰላሙ ጊዜ ሥርዓት መሆኑን መሸሸግ አይገባኝም። በሐምሌ 2015 በአማራ ክልል ስላለው ሁኔታ የወጣው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መፈተሽን ፈቅዶ ነበር። ኋላም ተራዝሞ እስከ ግንቦት 2016 ማለቂያ ገደማ ቆየ። አዋጁ ካበቃም በኋላ ጦርነት ባለበት አገር ገመዱ ዘንድ የቆመው ሰው ደክሞትም ፈርቶም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከጠመንጃ ፊት ቆሞ አንቀጽ መቁጠር ጥበብ አይደለም። እጅን በሚታይ ስፍራ አድርጎ፣ ታዝዞ፣ ሰዓቱንና ቦታውን በልብ ይዞ ኋላ ለጣቢያው አዛዥ ወይም ለሰብአዊ መብት ኮሚሽን ማመልከት ይሻላል። ማቆሙ ወደ መያዝ የተለወጠ እንደሆነ ግን የሕገ መንግሥቱ 19ኛው አንቀጽ ይነሣል። የተያዘው ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያው ይነገረዋል፤ ዝም ማለት መብቱ ነው፤ ለጉዞ የሚያስፈልገው ጊዜ ሳይቆጠርም በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል።

የእኛ ሚኒባስስ? ፍተሻው ምንም አላገኘም። ነገር ግን ስንወርድ ያጎነበሱት ሦስቱ ሰዎች ቀና ብለው ስለ ተቆጠሩ፣ ትራፊኩ በትርፍ ጭነት ክስ ጻፈ። ሾፌሩ መንጃ ፈቃዱ እንዲመለስለት ሲለምን ሁለት መቶ ብር አጥፎ ሊያቀብል ሲል አየሁት። በአዋጅ ቁጥር 881/2007 ሰጪውም እንደ ተቀባዩ ወንጀለኛ መሆኑን ስነግረው «ጋሼ፣ ይሄ እኮ የሻይ ነው» አለኝ። ትራፊኩ ግን ብሩን ሳያይ አለፈና ክሱን ቆርጦ ሰጠው። ሾፌሩ ወረቀቱን ሳያነብ ወደ ኪሱ ሊከት ሲል ተቀብዬ አየሁት። የሰሌዳው ኮድና ቁጥር፣ ጥፋቱ፣ ቀንና ሰዓቱ፣ የከሳሹ ስምና ፊርማ ተሞልተዋል። ከሰሌዳው ላይ ግን አንድ አኃዝ ተሳስቷል። ይህ ስሕተት ባይታይ ኖሮ፣ ቅጣቱ ተከፍሎ መንጃ ፈቃዱ ሲጠየቅ ከመዝገቡ ጋር አልገናኝ ብሎ ሾፌሩን በደብረ ብርሃን ቢሮዎች መካከል ሲያመላልሰው ይከርም ነበር። ስሕተቱን ባሳየው ትራፊኩ ጎንበስ ብሎ ሰሌዳውን አየ፣ አኃዙን አረመ፣ በእርማቱም አጠገብ ፈረመበት፤ ሦስቱ ትርፍ ተሳፋሪዎችም ገብሳቸውን አስወርደው የሚቀጥለውን መኪና ሊጠብቁ ከመንገዱ ዳር ተቀመጡ።