አማካሪው መምህር ምን አየ?

አንዲት እጩ መምህርት ፕራክቲከሟን ስትጨርስ፣ ክፍሉን ለልምምድ የሰጣት አማካሪ መምህር ስለ እሷ ሪፖርት ጽፎ ለኮሌጇ ይልካል። ብዙ ጊዜ ወረቀቱ «ታታሪ ናት፣ ሰዓት ታከብራለች፣ የክፍል አያያዟ ጥሩ ነው» ይላል። በስሟ ምትክ የሌላ እጩ ስም ቢገባበት አንድ ቃል መቀየር አያስፈልግም። ሪፖርቱ ከነጥብ ጋር ስለሚያያዝ፣ አማካሪው ልጅቷን እንዳይጎዳ ብሎ ያለሳልሰዋል። በእኔ እምነት ግን ይበልጥ የምትጎዳው ድክመቷን ሳታውቅ ብቻዋን ክፍል ስትገባ ነው።

ለምሳሌ የ5ኛ ክፍል ሂሳብ የምታስተምር እጩ እናስብ። የዕለቱ ትምህርት ታህታቸው የተለያየ ክፍልፋዮችን መደመር ነው። እኩል ርዝመት ያላቸው ሁለት የወረቀት ቁራጮች ይዛ አንዱን ለሁለት፣ ሌላውን ለሦስት አጥፋ አሳየች። ማብራሪያዋ ግልጽ ነበር። ከዚያ «ገባችሁ?» አለች፤ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ ቲቸር!» አለ፤ እሷም ወደ ቀጣዩ ምሳሌ አለፈች። ከኋላ የተቀመጠው አማካሪ አጠገቡ ያሉትን ልጆች ደብተር ሲያይ 1/2 + 1/3 = 2/5 ተብሎ ተሠርቷል። ልጆቹ ላይን ከላይ፣ ታችን ከታች ደምረዋል።

እንዲህ ያየ አማካሪ በጠንካራ ጎን «በሚታይ ነገር ታስረዳለች» ብሎ የወረቀቱን ምሳሌ ይጠቅሳል። በድክመት በኩል «ጥያቄ አጠያየቋ ይሻሻል» ማለት አይበቃም። መረዳታቸውን የምታረጋግጠው በጋራ መልስ እንደሆነ፣ ወረቀቱንም ያጠፈችው እሷ ብቻ እንደነበረች፣ ስህተቱም ደብተር ላይ እንደታየ ይጽፋል።

ቀጣዩ እርምጃም ከዚሁ ይመነጫል። በዕለት ዕቅዷ ውስጥ ሦስት ጥያቄዎች ቀድማ ትጻፍ፤ ከጠየቀች በኋላ ጥቂት ጠብቃ ልጅ በስም ትጥራ። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሜሪ በድ ሮው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. እንዳሳየችው፣ መምህራን ጠይቀው የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል ነው፤ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲጠብቁ የልጆቹ መልስ ይረዝማል፣ ዝም የሚለውም ይቀንሳል። ወረቀቱን ደግሞ ልጆቹ ራሳቸው ይጠፉት፤ ሁለቱንም ቁራጮች ለስድስት ሲያጥፉ ግማሹ 3/6፣ ሲሶው 2/6 መሆኑን አይተው 5/6 ላይ ይደርሳሉ። ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ ሲል አንድ ጥያቄ ሰጥታ የኋላ ወንበሮችን ደብተር ትይ።

አማካሪው ያላየውንም መጻፍ አለበት። ክፍሉ ጸጥ ያለው እሱ ከኋላ ስለተቀመጠ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ብቻዋን ሆና ክፍሉን እንዴት እንደምትይዝ አላየሁም ይበል። ሪፖርቱን ከመላኩ በፊትም አብረው ያንብቡት፤ ያልተስማማችበት ነገር ካለ በራሷ ቃል ከሥሩ ይጻፍ።