የተቀነሰችው 12 ሺህ ብር

አንድ የቀለም ሥራ ተቋራጭ የአንድ ድርጅትን ሕንፃ ቀብቶ ጨረሰ። ደረሰኙ ላይ የሥራው ዋጋ 400,000 ብር፣ 15 በመቶ ቫት 60,000፣ ድምሩ 460,000 ሆነ። ባንክ የገባለት ግን 428,000 ብር ነው። ቀሪው 32,000 የት ሄደ?

ሁለት ቦታ ሄዷል። 20,000ው በውሉ መሠረት ለጥገና ዋስትና የተያዘ 5 በመቶ ሪቴንሽን ነው፤ ጊዜው ሲደርስ ይመለሳል። 12,000ው ዊዝሆልዲንግ ነው። ከፋዩ ድርጅት ከቫት በፊት ባለው ዋጋ ላይ አስልቶ ለግብር ሰብሳቢው ያስገባዋል። መጠኑ 2 በመቶ የነበረ ሲሆን በ2017 ዓ.ም. ማሻሻያ ወደ 3 በመቶ ከፍ ብሏል።

ብዙ ተቋራጭ «ተበላሁ» ብሎ ይተወዋል። ስህተቱ ይህ ነው፤ ገንዘቡ የራሱ ቅድሚያ ግብር ነውና። የዓመቱ የትርፍ ግብር 30,000 ቢመጣበት፣ የዊዝሆልዲንግ ደረሰኙን ይዞ 18,000 ብቻ ይከፍላል። ደረሰኙ ከሌለው ሙሉውን 30,000 ሊጠየቅ ይችላል።

ሌላው የተለመደ ጥፋት ተቀናሹን አውጥቶ ደረሰኝን በ388,000 መቁረጥ ነው። ደረሰኝ የሚቆረጠው በሙሉ ዋጋ ነው፤ ተቀናሾቹ በክፍያ መጠየቂያው ላይ ለየብቻ ይጻፋሉ።

ደረሰኙን ለመጠየቅ የድርጅቱን ሒሳብ ክፍል ክፍያ በተፈጸመበት ቀን ማነጋገር ይበጃል። «እሺ፣ ነገ» ካሉ አጭር ደብዳቤ ይግባ፦ «በቁጥር እገሌ ደረሰኝ ከተከፈለን ላይ የተቀነሰው 12,000 ብር ደረሰኝ እንዲሰጠን።» ሲረከቡ ስምዎ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርዎ እና የገንዘቡ መጠን በትክክል መጻፋቸውን እዚያው ቆመው ያረጋግጡ።