በአራት ጊጋ ራም ፐብጂ ይሠራል?

አንድ ወዳጄ ያገለገለ ላፕቶፕ ሊገዛ አስቦ «ራሙ አራት ጊጋ ነው፤ ፐብጂ ይጫወትልኛል?» ሲል ጠየቀኝ። በስልክ ቢሆን ኖሮ ያለ ብዙ ማንገራገር «አዎ» እለው ነበር። የስልኩ ፐብጂ ለስልክ አቅም ታስቦ ስለተሠራ፣ አራት ጊጋ ራም ባለው ስልክ ላይ የምስሉ ጥራት ዝቅ ተደርጎ ይሠራል። የኮምፒውተሩ ግን ሌላ ጌም ነው። የጌሙ አዘጋጆች ራሳቸው ያስቀመጡት ዝቅተኛ መስፈርት 8 ጊጋ ራም ነው።

ችግሩ አራቱ ጊጋ በሙሉ ለጌሙ አለመድረሱ ነው። ዊንዶውስ 10 ምንም ፕሮግራም ሳይከፈት ብቻውን ወደ ሁለት ጊጋ ሊይዝ ይችላል። ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ የሌለው ላፕቶፕ ደግሞ ለምስሉ የሚያስፈልገውን ቦታ ከዚያው ራም ይወስዳል። ስለዚህ ለጌሙ የሚተርፈው ከሁለት ጊጋ ያነሰ ነው።

ራሙ ሲሞላ ዊንዶውስ የተረፈውን ወደ ዲስክ ያወርዳል፣ በተፈለገ ጊዜም መልሶ ያነሳዋል። ዲስክ ግን ከራም በጣም ይዘገያል፤ አሮጌው ሃርድ ዲስክ ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው። ይህ በግልጽ የሚታየው ከአውሮፕላን ተዘሎ ኤራንገል ላይ ሲታረፍ ነው። ካርታው ስምንት በስምንት ኪሎ ሜትር ነው፤ ጌሙ ሠፈሩን ቶሎ መጫን አለበት። ራም ያነሰው ተጫዋች ቤቱ በርና መስኮት የሌለው ድፍን ሆኖ ይታየዋል፣ ምስሉም ድርቅ ይላል። እሱ በር እስኪመጣለት ሲጠብቅ፣ ሌላው መሣሪያ አንስቶ ይጨርሰዋል።

ወዳጄን ከመግዛትህ በፊት ላፕቶፑን ክፈትና Ctrl + Shift + Esc ን ተጫን፤ በሚመጣው መስኮት Performance ከዚያም Memory የሚለውን ተመልከት አልኩት። ራሙ ምን ያህል እንደተያዘ እዚያው ይታያል። Slots used የሚለው 1 of 2 ካለ ባዶ ቦታ ስላለ ተጨማሪ ራም ይገባል ማለት ነው፤ ሲገዛ ግን ዲዲአር3 ነው ወይስ ዲዲአር4 የሚለው መመሳሰል አለበት። በአንዳንድ ስስ ላፕቶፖች ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ መቀየር አይቻልም።

ራም መጨመር ብቻውንም አይበቃም። መስፈርቱ እንደ ጂቲኤክስ 960 ያለ፣ ሁለት ጊጋ የራሱ ሜሞሪ ያለው ግራፊክስ ካርድም ይጠይቃል። ካርዱ ከሌለ ስምንት ጊጋ ራም መንተባተቡን ሊቀንሰው ቢችልም ጌሙ እንደልብ አይሄድም። ስለዚህ ላፕቶፑን ለፐብጂ ብለህ የምትገዛ ከሆነ ተወው፤ ለጽሑፍና ለኢንተርኔት ከሆነ ግዛው፣ ፐብጂውን በስልክህ ተጫወት።