ከ2,000 ወደ 2 የወረደው ቆጣሪ

አንድ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ለመምህሩ የጻፈው ደብዳቤ ግማሽ ገጽ አይሞላም። «መምህር፣ ሀንድአውቱ ላይ ሁለት ትሬዶች አንድ ቆጣሪ ተጋርተው እያንዳንዳቸው 1,000 ጊዜ አንድ አንድ ቢጨምሩበት፣ ውጤቱ 2 ብቻ ሊሆን እንደሚችል ተጽፏል። አንዱ ብቻውን ቢሠራ እንኳ 1,000 ይደርሳል፤ ታዲያ ከዚያ በታች እንዴት ይወርዳል? እኔ ደጋግሜ ሳስኬደው ሁልጊዜ 2,000 ነው የወጣልኝ። ቢያብራሩልኝ።» ከሥር ኮዱን አያይዟል፤

```
for (int i = 0; i < 1000; i++)
    count++;
```

ትሬድ በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ከሌሎች ጎን ለጎን የሚሄድ የሥራ መስመር ነው። ውጤቱ ማን ቀድሞ በደረሰ የሚወሰን ከሆነ ችግሩ ሬስ ኮንዲሽን ይባላል። `count++` አንድ ትእዛዝ ቢመስልም ፕሮሰሰሩ ብዙውን ጊዜ በሦስት እርምጃ ይፈጽመዋል፦ ቁጥሩን ከሜሞሪ ያነባል፣ አንድ ይደምራል፣ መልሶ ይጽፋል። በእነዚህ እርምጃዎች መካከል ሌላው ትሬድ ሊገባ ይችላል።

ትሬዶቹን «ሀ» እና «ለ» እንበላቸው። «ሀ» 0ን አንብቦ ሳይጽፍ ይቆማል። «ለ» 999 ዙር ይሠራና ቆጣሪውን 999 ያደርሰዋል። አሁን «ሀ» ይመለሳል፤ በእጁ ያለው ያ የቀድሞው 0 ስለሆነ 1 ብሎ ይጽፋል፣ የ«ለ» 999 ዙርም በአንድ ጊዜ ይጠፋል። «ለ» የመጨረሻ ዙሩን ለመጀመር ይህን 1 ያነብና በተራው ይቆማል። በዚህ መሃል «ሀ» የቀሩትን 999 ዙሮች ጨርሶ ቆጣሪውን 1,000 ያደርሳል። በመጨረሻ «ለ» ይነቃል፤ ባነበበው 1 ላይ አንድ ደምሮ 2 ይጽፋል። አለቀ።

ተማሪው የሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የሚጠፋው የአንድ ዙር ጭማሪ ብቻ መስሎታል። አንድ ያረጀ ቁጥር ግን የብዙ ዙር ሥራ ሊደመስስ ይችላል። ከ2 በታች መውረድ ደግሞ አይቻልም፦ የመጨረሻውን ቁጥር የሚጽፈው ትሬድ 1,000ኛ ዙሩ ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት ራሱም ጽፏልና 0 ሊያነብ አይችልም፣ ቢያንስ 1 ያነባል።

ሁልጊዜ 2,000 የወጣለትስ ለምንድን ነው? አንድ ሺህ ዙር እጅግ አጭር ሥራ ስለሆነ ሁለተኛው ትሬድ ተነስቶ ሳይጀምር የመጀመሪያው ሊጨርስ ይችላል። ዙሩን ወደ 1,000,000 ቢያሳድገው ጉድለቱ ብዙ ጊዜ ይታያል። ግን `-O2` ብሎ ኮምፓይል ካደረገ ኮምፓይለሩ ሙሉውን ዙር በአንድ መደመር ሊተካውና ስህተቱን ሊሸፍነው ይችላል፤ እንዲህ ያለው ስህተት ከፈተና አምልጦ ሥራ ላይ የሚፈነዳውም በዚህ የተነሳ ነው። ስለዚህ በውጤቱ ከመተማመን ይልቅ በ`gcc` ወይም በ`clang` `-fsanitize=thread` ጨምሮ ማስኬድ ይሻላል፤ መሣሪያው ሁለቱ ትሬዶች ያለ ጥበቃ የተጋፉበትን መስመር ይጠቁማል።

መፍትሔው `count++`ን በሎክ መጠበቅ ወይም ቆጣሪውን `atomic_int` ማድረግ ነው። ሀንድአውቱም ቢሆን ውጤቱን ብቻ ከሚያስቀምጥ፣ የ«ሀ»ንና የ«ለ»ን ቅደም ተከተል በሠንጠረዥ ቢያሳይ ተማሪው ደብዳቤ መጻፍ ባላስፈለገው ነበር።