ሸክሙ ወደ ታች፣ ብረቱ ወደ ጎን

ኤል ቅርጽ ያለው አንግል ብረት ቀጥ ብሎ ወደ ታች ሲጫን ወደ ጎንም ይሸሻል። ነፋስ የለም፣ የሚገፋው ሰውም የለም። ምክንያቱ ቅርጹ ነው።

እያንዳንዱ ክንፉ 100 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አንግል ብረት እንውሰድ። አንድ ጫፉ ከዓምድ ጋር ጥብቅ ተደርጎ ተይዟል፤ የቀረው 2 ሜትር ወደ ውጭ ወጥቷል። አንዱ ክንፍ ሽቅብ ቆሟል፤ ሌላው ከሥሩ ወደ ቀኝ ተኝቷል። ጫፉ ላይ 100 ኪሎ ገደማ እንስቀልበት፤ የብረቱን የራሱን ክብደት ለጊዜው እንተወው።

ማንኛውም ብረት ሲጎብጥ ከፊሉ ይለጠጣል፣ ከፊሉ ይጨመቃል፤ በመካከላቸው ሁለቱም የማይደርስበት ገለልተኛ መስመር አለ። አራት ማዕዘን በሆነ ብረት ላይ ይህ መስመር አግድም ይተኛል። በአንግላችን ላይም አግድም ቢሆን ኖሮ የሚለጠጠው የቆመው ክንፍ በግራ፣ የሚጨመቀው የተኛው ክንፍ ግን በአብዛኛው በቀኝ ይሆን ነበር። በግራ መሳብ፣ በቀኝ መግፋት ደግሞ ብረቱን ወደ ጎን ያጎብጠዋል፤ ይህን የሚመክት ኃይል ከውጭ የለም። ስለዚህ ሚዛኑ የሚገኘው መስመሩ ራሱ ሲያዘነብል ነው። እዚህ ከአግድሙ 30 ዲግሪ ያህል ያዘነብላል፤ ብረቱም ከመስመሩ ጋር ቀጥ ባለ ማዕዘን፣ ማለትም ወደ ታችና ክንፎቹ ወደሚገናኙበት ማዕዘን አቅጣጫ ይጎብጣል።

በተለመደው ቀላል ቀመር የሚያሰላ ሰው ጫፉ 7.5 ሚሊ ሜትር ዝቅ ይላል ብሎ ይጠብቃል። እውነቱ ግን 11.5 ሚሊ ሜትር ወደ ታች፣ 6.7 ሚሊ ሜትር ወደ ጎን ነው። ከዓምዱ ሥር፣ በቆመው ክንፍ አናት ላይ ያለው ትልቁ ውጥረትም 81 ሜጋፓስካል ሳይሆን 105 ይሆናል። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ የተኛው ክንፍ ጫፍ ነው፦ ቀላሉ ቀመር ይጨመቃል ሲለው እርሱ ይለጠጣል። መስመሩ አዘንብሎ በበላዩ ሳይሆን በበታቹ ስላለፈ ነው።

ቀላሉ ቀመር ሁልጊዜ ስህተት ነው ማለት ግን አይደለም። ብረቱ ርዝመቱን ሙሉ ወደ ጎን እንዳይሄድ ከተያዘ ያንን የጎን ጉብጠት የሚመክተው መያዣው ስለሆነ መስመሩ አግድም ይመለሳል። እዚህም እዚያም በአንድ ብሎን መያዝ ግን ይህን አይተካም።

ሸክሙ የሚንጠለጠልበት ቦታም ወሳኝ ነው። በቆመው ክንፍ ውፍረት መሃል ካልወረደና በተኛው ክንፍ ጫፍ ላይ ከተሰቀለ ብረቱ ከመጉበጥ አልፎ ይጠመዘዛል። ሁለቱን በሥራ ቦታ ለመለየት ቱንቢና ውሃ ልክ ይበቃሉ። ከመጫኑ በፊት ከጫፉ ቱንቢ አውርዶ መሬት ላይ ምልክት ማድረግ፣ ከተጫነ በኋላ ምን ያህል እንደራቀ መለካት ነው። ውሃ ልኩን ደግሞ በተኛው ክንፍ ላይ በስፋቱ አቅጣጫ ማስቀመጥ። ቱንቢው ሸሽቶ አረፋው ካልተነቃነቀ ያዘነበለው መስመር ሥራ ነው፤ አረፋውም ከሄደ ሸክሙ ያለቦታው ተሰቅሏል።